የዕድሜ እንቆቅልሽን ወደ እኩልታ የምለውጥበት መንገድ

አራት ኪሎ አካባቢ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን ሒሳብ አስጠናለሁ። ለሚኒስትሪ ፈተና ከሚዘጋጁት ልጆች መካከል 2x + 5 = 17 የሚለውን እኩልታ ያለ ምንም ችግር የሚፈቱ፣ ነገር ግን «ከሦስት ዓመት በፊት የእናት ዕድሜ የልጇ ዕድሜ ይህን ያህል እጥፍ ነበር» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲያዩ እስክሪብቷቸውን የሚያስቀምጡ ብዙ ናቸው። አብሬያቸው ቁጭ ብዬ ስመለከት ችግሩ እኩልታውን መፍታት ላይ ሳይሆን መጻፉ ላይ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ስለ ሁለት ሰዎች ብቻ ሳይሆን ስለ ሁለት ወይም ስለ ሦስት የተለያዩ ጊዜያት ይናገራል፤ ልጁ ግን ሁሉንም በአንድ መስመር ላይ ለማስፈር ስለሚሞክር ያለፈው ከአሁኑ ጋር ይደባለቅበታል። ከዚህ በታች የማቀርበው እኔ ከእነሱ ጋር የምሠራበትን አካሄድ ነው። ልጃቸውን እቤት የሚያስጠኑ ወላጆችም ሆኑ ራሳቸው ተማሪዎች ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

ለማሳያ ይህን ጥያቄ እንውሰድ። ከ3 ዓመት በፊት የአንዲት አያት ዕድሜ የልጅ ልጃቸው ዕድሜ 6 እጥፍ ነበር፤ ከ12 ዓመት በኋላ ደግሞ 3 እጥፍ ይሆናል። አሁን አያትና የልጅ ልጅ ዕድሜያቸው ስንት ስንት ነው?

መጀመሪያ የምናደርገው ያልታወቁትን መሰየም ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እይዛለሁ፤ ፊደሉ ምንጊዜም የሚወክለው የአሁኑን ዕድሜ ነው። የአያትን የአሁን ዕድሜ x፣ የልጅቱን የአሁን ዕድሜ y እንበል። የደብተሩ ራስጌ ላይም «x የአያት የአሁን ዕድሜ» ተብሎ በሙሉ ቃል ይጻፋል። «x አያት» ብሎ ብቻ የጻፈ ልጅ ከጥቂት መስመሮች በኋላ x የቱ ዘመን ዕድሜ እንደሆነ ይጠፋበታል።

ቀጥሎ ሦስት አምድ ያለው ሠንጠረዥ እንሠራለን። መካከለኛው አምድ አሁን ነው፤ ከግራው ያለፈው፣ ከቀኙ የሚመጣው ይቀመጣል። እኩልታ ከመጻፋችን በፊት ሁሉም ሣጥኖች መሞላት አለባቸው።

አያት፦ x − 3 | x | x + 12
የልጅ ልጅ፦ y − 3 | y | y + 12

ሦስት ዓመት ወደ ኋላ ስንመለስ አያትም ልጅቱም እኩል ሦስት ዓመት ይቀንሳሉ፤ ወደ ፊት ስንሄድም ሁለቱም እኩል 12 ይጨምራሉ። ጥያቄው «የአያት ዕድሜ» ብሎ ስለጀመረ ብዙ ልጆች ቅናሹ የአያት ብቻ ይመስላቸዋል። ሠንጠረዡ ይህን ስሕተት ይከላከላል፤ የልጅቱ ሣጥን ባዶ ሆኖ ሲታይ መሞላት እንዳለበት ራሱ ይናገራልና።

የጊዜውን አቅጣጫ የሚወስነው ግስ መሆኑንም ልብ ማለት ያስፈልጋል። «ከ3 ዓመት በፊት» ሲባል ግልጽ ነው። አንዳንድ ጥያቄዎች ግን «የዛሬ 3 ዓመት» ብለው ይጀምራሉ፤ ይህ አባባል ወደ ኋላም ወደ ፊትም ሊያመለክት ስለሚችል ልጁ የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ ሳያይ ሣጥኑን መሙላት የለበትም። መጨረሻው «ነበር» ከሆነ እንቀንሳለን፤ «ይሆናል» ከሆነ እንጨምራለን። በተመሳሳይ «በ6 ይበልጣል» እና «6 እጥፍ ነው» የሚሉት ይለያያሉ፤ የመጀመሪያው መደመርን፣ ሁለተኛው ማባዛትን ይጠይቃል።

ሣጥኖቹ ከሞሉ በኋላ እኩልታው በአምድ ይነበባል። በግራው አምድ ላይ «የአያት ዕድሜ የልጅቱ ዕድሜ 6 እጥፍ ነበር» ተብሏል። ስለዚህ የአያትን ሣጥን እንዳለ ከእኩል ምልክቱ በስተግራ፣ የልጅቱን ሣጥን ደግሞ በቅንፍ ውስጥ አድርገን ከፊቱ 6 እንጽፋለን። በቀኙ አምድ ላይም እንዲሁ እናደርጋለን።

x − 3 = 6(y − 3)
x + 12 = 3(y + 12)

ቅንፉ የግድ ነው። ስድስት ጊዜ የሚባዛው ልጅቱ ያኔ የነበራት ዕድሜ በሙሉ ነው፤ ያ ዕድሜ ደግሞ y ሳይሆን y − 3 ነው። ቅንፉን ስንፈታ የመጀመሪያው x − 3 = 6y − 18 ይሆንና x = 6y − 15 ይሰጠናል። ሁለተኛው x + 12 = 3y + 36 ሆኖ x = 3y + 24 ይሆናል። ሁለቱም ከ x ጋር እኩል ስለሆኑ እርስ በርሳቸው እኩል ናቸው።

6y − 15 = 3y + 24
3y = 39
y = 13

ይህንን x = 3y + 24 ውስጥ ስንተካ 39 + 24፣ ማለትም 63 እናገኛለን። አያት 63፣ የልጅ ልጃቸው 13 ዓመት ናቸው።

ሥራው ግን እዚህ አያበቃም። መልሱን የምናረጋግጠው ወደ እኩልታው ሳይሆን ወደ ዓረፍተ ነገሩ ተመልሰን ነው። እኩልታው ራሱ ተሳስቶ ከተጻፈ መልሱ ከተሳሳተው እኩልታ ጋር ተስማምቶ ልክ ይመስላል። ስለዚህ ቁጥሮቹን በሠንጠረዡ ላይ እናስቀምጣለን፤ ከ3 ዓመት በፊት አያት 60፣ ልጅቱ 10 ነበሩ፤ 60 የ10 ስድስት እጥፍ ነው። ከ12 ዓመት በኋላ አያት 75፣ ልጅቱ 25 ይሆናሉ፤ 75 የ25 ሦስት እጥፍ ነው። ሁለቱም ፍንጮች ሊሟሉ ይገባል።

ሁለቱም የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ይህንኑ ጥያቄ ስትሠራ ቆይታ «ቲቸር፣ ዜሮ መጣብኝ፤ ሁለቱም ዜሮ ናቸው» ብላ ደብተሯን አዞረችልኝ። የጻፈችው x − 3 = 6y − 3 እና x + 12 = 3y + 12 ነበር። ሠንጠረዡ ልክ ነው፤ ቅንፉን ግን ትታዋለች። ቅንፍ ሲቀር በመጀመሪያው እኩልታ −3 ከሁለቱም ጎን፣ በሁለተኛው +12 ከሁለቱም ጎን ይጠፋና x = 6y እና x = 3y ይቀራል። አንድ ዕድሜ በአንድ ጊዜ የሌላው 6 እጥፍም 3 እጥፍም ሊሆን የሚችለው ሁለቱም ዜሮ ሲሆኑ ብቻ ነው። «ከጥያቄሽ ውስጥ ሦስቱ ዓመትና አሥራ ሁለቱ ዓመት የት ሄዱ?» አልኳት። እኩልታዎቹን ትንሽ ስትመለከት ቆየችና ምንም ሳትናገር ቅንፎቹን ራሷ ጨመረች። ዓመታቱ ከእኩልታው ውስጥ ጨርሰው ከጠፉ የተረሳ ቅንፍ አለ ማለት ነው።

ቅናሹን ለአያት ብቻ ያደረገ ልጅ ደግሞ x − 3 = 6y እና x + 12 = 3y ይጽፍና የልጅቱን ዕድሜ −5 ያገኛል። ይህኛውም ወዲያውኑ ይታወቃል፤ አሉታዊ ዕድሜ የለምና። እጥፉን በተሳሳተው ወገን ላይ የጻፈ ደግሞ ትክክለኛዎቹን ቁጥሮች አግኝቶ ሰዎቹን ያቀያይራቸዋል፤ አያት 13፣ የልጅ ልጅ 63 ይሆናሉ።

የሚያስቸግረው ግን መልሱ ጤናማ የሚመስለው ስሕተት ነው። ልጁ በመጀመሪያው እኩልታ ላይ ብቻ ቅንፉን ረስቶ ሁለተኛውን በትክክል ጻፈ እንበል። ያን ጊዜ x = 6y እና x = 3y + 24 ይሆኑና y = 8፣ x = 48 ይወጣል። የ48 ዓመት አያትና የ8 ዓመት የልጅ ልጅ በየሰፈሩ ስላሉ ማንም አይጠራጠርም። ሁለተኛውን ፍንጭ ብቻ ብናረጋግጥም ያልፋል፤ ከ12 ዓመት በኋላ 60 እና 20 ይሆናሉ፣ 60 የ20 ሦስት እጥፍ ነው። ስሕተቱ የሚጋለጠው የመጀመሪያውን ስንመለከት ነው፤ ከ3 ዓመት በፊት 45 እና 5 ከነበሩ እጥፉ 9 እንጂ 6 አይደለም። በፈተና ላይ ምርጫ ሲሰጥም እንዲህ ያለው ቁጥር ከአማራጮቹ መካከል ሊቀመጥ ይችላል።

ከእኩልታው ጎን ለጎን አንድ ሌላ ነገር ማወቅ እጅግ ይረዳል፤ የሁለት ሰዎች የዕድሜ ልዩነት በፍጹም አይለወጥም። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ አንዱ ከፊት፣ ሌላው ከኋላ ወንበር ቢቀመጡ ታክሲው የትም ይድረስ የት በመካከላቸው ያለው ርቀት ያው ነው፤ ዕድሜም እንዲሁ ነው። የሚለወጠው እጥፉ ነው። በዚህ ብቻ ተነሥተን የአያትን ጥያቄ በሌላ መንገድ መፍታት እንችላለን። ልዩነታቸውን d እንበል። ከ3 ዓመት በፊት ልጅቱ አንድ እጅ፣ አያት ስድስት እጅ ከነበሩ ልዩነቱ አምስት እጅ ነው፤ ስለዚህ ልጅቱ ያኔ d/5 ነበረች። ከ12 ዓመት በኋላ አንድ እጅና ሦስት እጅ ስለሚሆኑ ልዩነቱ ሁለት እጅ ነው፤ ልጅቱ ያኔ d/2 ትሆናለች። በሁለቱ ጊዜያት መካከል ያለው 3 ሲደመር 12፣ ማለትም 15 ዓመት ነው።

d/2 − d/5 = 15
5d − 2d = 150
d = 50

ልጅቱ ከ3 ዓመት በፊት 50/5፣ ማለትም 10 ዓመቷ ከነበረ አሁን 13 ናት። በሁለት የተለያዩ መንገዶች ተጉዘን እዚያው ደረስን። ጊዜ የሚተርፈው ልጅ ለማረጋገጫ ይህን ቢጠቀም እመርጣለሁ።

ከዚሁ የሚከተል ሌላም ነገር አለ። ልዩነቱ ቋሚ ሆኖ ታናሹ እያደገ ሲሄድ የታላቁ እጥፍ ሁልጊዜ ይቀንሳል፤ ከ6 ወደ 3፣ ከ3 ወደ 2 ይወርዳል፤ ወደ 1 እየቀረበ ይሄዳል እንጂ 1 ላይ አይደርስም። ስለዚህ አንድ ጥያቄ «አሁን 3 እጥፍ ነው፣ ከ5 ዓመት በኋላ 4 እጥፍ ይሆናል» ካለ ምንም ሳናሰላ ስሕተት እንዳለበት እናውቃለን። ብንጽፈውም x = 3y እና x + 5 = 4(y + 5) የታናሹን ዕድሜ −15 ያደርጉታል። ልጁ ጥያቄውን ሲገለብጥ «በፊት» የሚለውን «በኋላ» አድርጎት እንደሆነ መመልከት ተገቢ ነው።

እስካሁን ያየነው ዓመቱ በቁጥር የተሰጠበትን ነው። ልጆች ከሁሉም የሚፈሩት ግን ዓመቱ ያልተነገረበትን ዓይነት ነው። አንድ ወንድም ታናሽ እህቱን እንዲህ ይላታል፦ «እኔ አንቺ አሁን ያለሽበት ዕድሜ ላይ በነበርኩ ጊዜ አንቺ የአሁኑ ዕድሜሽ ግማሽ ነበረሽ። አንቺ እኔ አሁን ያለሁበት ዕድሜ ላይ ስትደርሺ ደግሞ የሁለታችን ዕድሜ ድምር 63 ይሆናል።»

እዚህ ላይ ዓረፍተ ነገሩን በአንድ ትንፋሽ ለመረዳት መሞከር አያዋጣም። የወንድምን የአሁን ዕድሜ x፣ የእህትን y ብለን መካከለኛውን አምድ እንሞላለን። ከዚያ የምንጠይቀው «ስንት ዓመት ወደ ኋላ ነው የተመለስነው?» የሚለውን ብቻ ነው። ወንድም ከ x ወደ y ለመውረድ የሚቀንሰው x − y ነው፤ ይህም ልዩነታቸው ራሱ ነው። እህቱም እኩል መቀነስ ስላለባት ያኔ y − (x − y)፣ ማለትም 2y − x ነበረች። ወደ ፊትም እንዲሁ ነው፤ እህት ከ y ወደ x ለመድረስ x − y ዓመት ያስፈልጋታል፤ በዚያው ጊዜ ወንድም x + (x − y)፣ ማለትም 2x − y ይሆናል።

ወንድም፦ y | x | 2x − y
እህት፦ 2y − x | y | x

ሠንጠረዡ ከሞላ በኋላ የቀረው ማንበብ ብቻ ነው። በግራው አምድ እህት የ y ግማሽ ነበረች፤ በቀኙ አምድ ድምሩ 63 ነው።

2y − x = y/2
(2x − y) + x = 63

የመጀመሪያውን በ2 ስናባዛ 4y − 2x = y፣ ከዚያም 3y = 2x ይሆናል። ሁለተኛው 3x − y = 63 ነው። ይህን በ3 ስናባዛ 9x − 3y = 189፤ በ3y ፈንታ 2x ስንተካ 7x = 189 እናገኛለን። ስለዚህ x = 27፣ y = 18 ነው። ወደ ዓረፍተ ነገሩ ተመልሰን ስናይ ልዩነታቸው 9 ነው፤ ከ9 ዓመት በፊት ወንድም 18፣ እህት 9 ነበሩ፣ 9 ደግሞ የ18 ግማሽ ነው። ከ9 ዓመት በኋላ እህት 27፣ ወንድም 36 ይሆናሉ፤ ድምራቸው 63 ነው። የእህት ረድፍ 9፣ 18፣ 27፣ የወንድም ረድፍ 18፣ 27፣ 36 ሆኖ ሁለቱም በ9 እንደሚረማመዱ ማየት ጥያቄው ለምን እንዲህ እንደተሠራ ግልጽ ያደርጋል።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ዕድሜው ተሰጥቶ የሚጠየቀው ጊዜው ነው። የ63 ዓመቷ አያት ዕድሜ የ13 ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ዕድሜ 11 እጥፍ የሚሆነው መቼ ነው ቢባል፣ ከ k ዓመት በኋላ ብለን 63 + k = 11(13 + k) እንጽፋለን። 63 + k = 143 + 11k ይሆንና 10k = −80፣ k = −8 ይወጣል። አሉታዊ ቁጥር ሲያዩ ብዙዎች ሥራቸውን ይሰርዛሉ፤ መሰረዝ ግን የለበትም። k ዕድሜ ሳይሆን አቅጣጫ ያለው ጊዜ ነው፤ −8 ማለት ከ8 ዓመት በፊት ማለት ነው። ያኔ አያት 55፣ ልጅቱ 5 ነበሩ፤ 55 የ5 አሥራ አንድ እጥፍ ነው። የማይፈቀደው ከ13 ዓመት በላይ ወደ ኋላ መሄድ ነው፤ ልጅቱ ገና አልተወለደችምና።

ይህ የመወለድ ጉዳይ በድምር ጥያቄዎች ላይ ወሳኝ ይሆናል። የአራት ሰዎች ቤተሰብ የዕድሜ ድምር አሁን 80 ነው፤ ከ10 ዓመት በፊት የቤተሰቡ አባላት የዕድሜ ድምር 43 ነበር እንበል። አራት ሰው እያንዳንዱ 10 ቢቀንስ ድምሩ በ40 ቀንሶ 40 መሆን ነበረበት፤ የቀነሰው ግን 37 ብቻ ነው። ያልቀነሰው 3 ዓመት የት ሄደ? ከ10 ዓመት በፊት ያልተወለደ ልጅ አለ፤ እሱ ወደ ኋላ ስንመለስ የቀነሰው ሙሉ 10 ሳይሆን የራሱን ዕድሜ ብቻ ነው። ሦስቱ 30 ስለቀነሱ ለእሱ የሚቀረው 7 ነው፤ ስለዚህ ትንሹ ልጅ 7 ዓመቱ ነው። በሠንጠረዡ ላይ የእሱ የግራ ሣጥን y − 10 ሳይሆን 0 ተብሎ ይሞላል።

ይህ መልስ የሚጸናው ግን ያኔ ያልተወለደው አንድ ልጅ ብቻ መሆኑ በጥያቄው ውስጥ ከተነገረ ነው። ሁለት ልጆች ያልተወለዱ ቢሆኑ ሁለቱ ታላላቆች 20 ይቀንሱና ለሁለቱ ሕፃናት በአንድነት 17 ይቀራል፤ ሁለቱም ከ10 ዓመት በታች ስለሆኑ በሙሉ ዓመት 8 እና 9 ይሆናሉ። ስለዚህ ያልተወለዱት ስንት እንደሆኑ ካልተነገረ ሌላ ፍንጭ እስኪገኝ ድረስ አንድ መልስ መስጠት አይቻልም፤ ተማሪውም ደብተሩ ላይ ይህንኑ ከነምክንያቱ መጻፍ ይኖርበታል።